ፍሪጁ ሳያርፍ ይሠራል፣ ግን አያቀዘቅዝም፦ ቴርሞስታት ከመግዛታችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ

ከኋላ ታች ያለው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ ቀን ከሌሊት ያጉረመርማል፤ ወተቱ ግን አላድር ይላል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቴርሞስታቱን ነው። ገዝቶ ይቀይራል፣ ፍሪጁ ግን እንደነበረው ይቀጥላል።

ቴርሞስታት በሙቀት መጠን የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። እንደበራ ከቀረ ኮምፕረሰሩ አያቆምም፤ ስለዚህ ፍሪጁ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ታች ያለው አትክልት ሳይቀር በረዶ ይይዛል። እንደጠፋ ከቀረ ደግሞ ፍሪጁ ይሞቃል፣ ግን ኮምፕረሰሩም ድምፁ አይሰማም። ኮምፕረሰሩ እየሠራ ውስጡ የሚሞቅ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። ወይ ከውስጥ የተሰበሰበው ሙቀት መውጫ አጥቷል፣ ወይ ከውጭ ሙቀት እየገባ ነው፣ ወይ ብርዱ ከሚፈጠርበት ቦታ ወደ ምግቡ አልደረሰም፣ ወይ ደግሞ ጋዝ ጎድሎ ወይም ኮምፕረሰሩ ደክሞ ብርዱ ራሱ በበቂ አልተፈጠረም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መለካት፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚጥለውን ኮንደንሰር ማጽዳት፣ የበሩን ጎማ መፈተሽ፣ በመጨረሻ ቴርሞስታቱን ማየት። እንዳትዘሉ። እግረ መንገዳችንን የአንድ ጎረቤቴን ፍሪጅ እንደ ምሳሌ እናያለን። ቴርሞስታቱ ተቀይሮለት ምንም ያልተሻለው ፍሪጅ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ፦ ተራ ቴርሞሜትር (ሁለት ቢሆን ይሻላል)፣ የእጅ ባትሪ፣ ረጅም እጀታ ያለው ለስላሳ ብሩሽ፣ ካለ ቫክዩም ክሊነር፣ ጓንት፣ ካቻቢቴ፣ አንድ ወረቀት፣ ለብ ያለ ውኃና ትንሽ የዕቃ ሳሙና።

ማስጠንቀቂያ 1። ለማጽዳት ወይም ለመፍታት ከኋላም ሆነ ከሥር እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ። ቴርሞስታቱን ዜሮ ላይ ማድረግ ኮምፕረሰሩን ያቆማል እንጂ ኤሌክትሪኩን በሙሉ አያቋርጥም።

ማስጠንቀቂያ 2። በረዶ በቢላ ወይም በካቻቢቴ አትፈንቅሉ። በረዶው ሥር ያለው ብርድ የሚሰጠው ሳህን ስስ ነው፤ አንዴ ከተበሳ በውስጡ የሚዞረው ጋዝ ይወጣል። የብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ጋዝ R600a ነው፤ እሱ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። የጋዙ ስም ከኋላ ወይም ከውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ።

ማስጠንቀቂያ 3። ከነቀላችሁ በኋላ ወዲያው አትሰኩ። ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረጋጋ ኮምፕረሰሩ ለመነሳት ከሞከረ ይጨነቃል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል።

## ደረጃ 1፦ ለኩ፣ አዳምጡ

በእጅ ዳስሶ "ይቀዘቅዛል፣ አይቀዘቅዝም" ማለት አይረዳም። ቴርሞሜትሩን ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩት። በሩ በተከፈተ ቁጥር የአየሩ ሙቀት ይለዋወጣል፣ የውኃው ግን ቶሎ አይቀየርም። ለዚህ ነው ብርጭቆው። ሁለተኛውን ቴርሞሜትር ፍሪዘር ውስጥ በታሸጉት ነገሮች መሐል አስገቡት።

ጠዋት ስታዩት ብርጭቆው 4 ዲግሪ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 አካባቢ መሆን አለበት። የጎረቤቴ ፍሪጅ 12 እና ከዜሮ በታች 8 ነበር። የቴርሞስታቱ ቁልፍ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ቆሟል። ቁልፉ ላይ ያለው ቁጥር ዲግሪ አይደለም፤ በአብዛኞቹ ፍሪጆች ቁጥሩ ሲጨምር ብርዱ ይጨምራል።

ቀጥሎ አዳምጡ። "ሁልጊዜ ይሠራል" የሚባል ፍሪጅ አንዳንዴ ፋኑ ብቻ ነው የሚዞረው። በቀስታ ከኋላ ወደ ታች እጃችሁን ስደዱና ጥቁሩን ኮምፕረሰር በእጅ ጀርባ ነካ አድርጉት። ሊያቃጥል ይችላልና ጠንቀቅ በሉ። ሞቆ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እየሠራ ነው። ጸጥ ብሎ ከቆየ በኋላ "ጠቅ" ብሎ፣ ጥቂት ሰከንድ አጉረምርሞ እንደገና "ጠቅ" ብሎ የሚያቆም ከሆነ ግን መነሳት አቅቶታል ማለት ነው። ያኔ ችግሩ ማስነሻው ወይም ራሱ ኮምፕረሰሩ ነው፤ ባለሙያ ጥሩ፣ የሚከተሉት ደረጃዎች አይፈቱትም።

ብርጭቆው 4 ዲግሪ ካሳየና ኮምፕረሰሩ ብቻ ብዙ ከሠራ? በጣም ሞቃት ቀን ከሆነ፣ ወይም ብዙ ትኩስ ነገር ካስገባችሁ ለሰዓታት ሳያቆም መሥራቱ ያለ ነው። አንድ ቀን ቆይታችሁ እንደገና ለኩ።

## ደረጃ 2፦ ኮንደንሰሩን አጽዱ

ፍሪጅ ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት የሚጥለው በኮንደንሰሩ በኩል ነው። ኮንደንሰሩ አቧራ ከለበሰ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ኮምፕረሰሩ ይለፋል፣ ውስጡ ግን አይቀዘቅዝም።

2.1. የት እንዳለ እወቁ። ሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ከኋላ በግልጽ የሚታይ ጥቁር የሽቦ ፍርግርግ። ሁለተኛው፣ ከሥር የተጠቀለለ ሆኖ አጠገቡ ፋን ያለው። ሦስተኛው፣ በጎንና በጎን ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ። ከኋላም ከሥርም ካላያችሁ፣ ጎኖቹ ደግሞ ሲነኩ ሞቅ ካሉ፣ የናንተ ሦስተኛው ነው። የዚህ አይነቱ ብሩሽ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጎኖቹን አለመሸፈንና ከግድግዳ ወይም ከቁም ሳጥን ጋር አለማጣበቅ ነው።

2.2. ከማጽዳታችሁ በፊት ዳስሱት። ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚናገረው እሱ ነው። ኮምፕረሰሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ፍርግርጉን ከላይ እስከ ታች በእጅ ጀርባ ነካ ነካ አድርጉ። ሽቦ ያለበትን ሳጥን አትንኩ።

- በጣም የሚያቃጥል ከሆነና አቧራ ከያዘ፣ ጋዙ አለ፣ ሙቀቱ ነው መውጣት ያቃተው። ማጽዳት ይጠቅመዋል።
- ሞቅ ያለና ንጹሕ ከሆነ፣ ኮንደንሰሩ ጤነኛ ነው። ወደ ደረጃ 3 እለፉ።
- ኮምፕረሰሩ እየጋለ ኮንደንሰሩ ግን ለብ ያለ ወይም ከክፍሉ አየር የማይለይ ከሆነ፣ ጋዙ ጎድሏል ወይም ኮምፕረሰሩ መግፋት አቅቶታል። ማጽዳትም ጎማ መቀየርም አያድነውም። የመጨረሻውን ክፍል አንብቡ።

2.3. ንቀሉና ሳቡት። ከላይ ያለውን ዕቃ አውርዱ። ፍሪጁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ፊት ሳቡ እንጂ አታጋድሙት። ማጋደም ግድ ከሆነ፣ ካቆማችሁት በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ሳትሰኩ አቆዩት፤ ከኮምፕረሰሩ የወጣው ዘይት ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ከኋላ የውኃ ቱቦ ያለው ከሆነ እንዳይወጠር ተጠንቀቁ።

2.4. ጥረጉ። ብሩሹን ከላይ ወደ ታች፣ ሽቦዎቹን ተከትላችሁ አውርዱ። ወደ ጎን እየገፋችሁ ሽቦ አታጣምሙ። በአንድ እጅ ብሩሽ፣ በሌላው ቫክዩም ክሊነር ይዛችሁ ብትሠሩ አቧራው ክፍሉን አይሞላውም። ከሥር ያለው አይነት ከሆነ የታችኛውን ክዳን ፈታችሁ ረጅሙን ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፤ የፋኑንም ምላሶች ጥረጉ፤ በጣት ስትገፉት በቀላሉ መዞር አለበት። የማይዞር ፋን ከአቧራው የባሰ ችግር ነው።

አቧራው ከቅባት ጋር ከተጣበቀ? ማብሰያ አጠገብ የኖረ ፍሪጅ እንዲህ ይሆናል፤ ደረቅ ብሩሽ አያነሳውም። ጨርቅ በሳሙና ውኃ ነክራችሁ፣ አጥብቃችሁ ጨምቃችሁ፣ ሽቦ በሽቦ ጥረጉ። ውኃ አትርጩ። ኮምፕረሰሩ ጎን ያለው የሽቦ ሳጥን እንዳይረጥብ። እስኪደርቅ ድረስም አትሰኩ።

2.5. ስትመልሱት ቦታ ስጡት። ከኋላው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከተቻለ 10 ክፍተት ተዉ። ከላይም አየር መውጫ ያስፈልገዋል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ወይም ምድጃ አጠገብ ከሆነ ቦታ ቀይሩለት።

2.6. አንድ ሙሉ ቀን ጠብቁ። ሰክታችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ መለካት ምንም አይነግራችሁም። የጎረቤቴ ፍሪጅ ፍርግርጉ ሱፍ የመሰለ አቧራ ለብሶ ነበር፣ ፍሪጁም ግድግዳውን ተደግፎ። ከጸዳና ራቅ ከተደረገ በኋላ በማግስቱ ብርጭቆው ከ12 ወደ 7 ወረደ፤ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 15 ደረሰ። ተሻሽሏል፣ ግን አልጨረሰም። ኮምፕረሰሩ አሁንም አያርፍም። ወደ በሩ ሄድን።

## ደረጃ 3፦ የበሩን ጎማ ፈትሹ

በሩን ዙሪያውን የሚከበው ለስላሳ ጎማ ውስጡ ማግኔት አለው። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጠማዘዘ ሞቃትና እርጥብ አየር ያለማቋረጥ ይገባል። እርጥበቱ ውስጥ ገብቶ በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ብርድ የሚሰጠውን ሳህን ይሸፍንና እንደ ብርድ ልብስ ብርዱን ያፍነዋል። ለዚህ ነው ትንሽ ክፍተት ትልቅ ጉዳት የሚያመጣው።

3.1. የወረቀት ፈተና። ወረቀቱን ግማሹን ከውስጥ፣ ግማሹን ከውጭ አድርጋችሁ በሩን ዝጉበት። ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ያዝ አድርጎ ሊታገላችሁ ይገባል። ዝም ብሎ ከወጣ እዚያ ቦታ አይዘጋም። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ፣ ዙሪያውን ሙሉ ድገሙት። ሰው የመክፈቻውን በኩል ብቻ ሞክሮ "ደህና ነው" ይላል፤ ብዙ ጊዜ የሚከፋው ግን የማጠፊያው በኩልና የታችኛው ማዕዘን ነው። የላላውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

3.2. የብርሃን ፈተና። ማታ መብራት አጥፉ። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ውስጥ አስቀምጡና በሩን ዝጉ። በጠርዙ በኩል ብርሃን ካያችሁ አየርም እዚያው ያልፋል። በዚያው ስልኩን ቪዲዮ እየቀረጸ ውስጥ ብትተዉት የውስጡ አምፖል በሩ ሲዘጋ መጥፋቱን ያሳያችኋል። የማይጠፋ አምፖል ፍሪጁን ከውስጥ ያሞቀዋል።

3.3. መጀመሪያ እጠቡት። ለመቀየር አትቸኩሉ። በለብ ያለ የሳሙና ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ አጽዱ፤ ጎማው የሚያርፍበትን የፍሪጁን ጠርዝም ጭምር። በረኪና አትጠቀሙ፤ ጎማውን ያደርቀዋል። አድርቃችሁ ወረቀቱን እንደገና ሞክሩ። ችግሩ የተጣበቀ ቆሻሻ ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ ያበቃል።

3.4. የተጠማዘዘውን በሙቀት መልሱት። ጎማው ካልተቀደደና ቅርጹ ብቻ ከተበላሸ በፀጉር ማድረቂያ መካከለኛ ሙቀት፣ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት፣ እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁት። አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ፤ ይቀልጣል። ለስለስ ሲል በጣት ወደ ቅርጹ መልሱት፣ በሩን ዝጉና እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱ። በማጠፊያው በኩል በሩ ሲዘጋ ጎማው የሚታጠፍ ከሆነ በጣም ስስ ቫዝሊን ቀቡት፤ እንዲንሸራተት ይረዳዋል።

3.5. በሩ ራሱ ዘንበል ብሎ እንደሆነ እዩ። ጎማው ጤነኛ ሆኖ የላይኛው ጥግ ብቻ ከላላ በሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። የበሩን መደርደሪያ ከከባድ ጠርሙስ አቅልሉ፣ የማጠፊያውን ብሎን አጥብቁ። ከዚያ የፊት እግሮቹን በትንሹ ከፍ አድርጉ። በሩን ግማሽ ከፍታችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ በራሱ መዘጋት አለበት።

3.6. መቀየር ግድ ከሆነ። የተሰነጠቀ ወይም ማግኔቱ የደከመ ጎማ አይታከምም። ውስጥ ከተለጠፈው ወረቀት የሞዴሉን ቁጥር ጽፋችሁ ያንኑ አይነት ፈልጉ። "ይመስላል" ብሎ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። አዲሱ ጎማ ተጣጥፎ ስለሚመጣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ዘርግታችሁ ቅርጹን አስተካክሉ።

አንዳንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ ተጭኖ የገባ ነው፤ በጥግ ይዛችሁ ስትስቡት ይወጣል። አዲሱን ስታስገቡ በአራቱ ማዕዘኖች ጀምሩ፣ ከዚያ መሐሉን ሙሉ። ሌላው ደግሞ በብሎን የተያዘ ነው፤ ጎማውን ገለጥ ስታደርጉ ብሎኖቹን ታያላችሁ። ብሎኖቹን ሁሉ አንድ ላይ አትፍቱ። የበሩን የውስጥ ፕላስቲክ የያዙት እነሱ ናቸው፤ ሁሉም ከተፈቱ በሩ ይጣመማል፣ መልሶ ማቅናትም ሌላ ጣጣ ነው። ላላ ብቻ አድርጓቸው፣ ከላይ ጀምራችሁ አሮጌውን አውጡ፣ አዲሱን ከሥሩ አስገቡ፣ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየዞራችሁ አጥብቁ።

የጎረቤቴ ፍሪጅ በማጠፊያው በኩል ከታች ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረቀቱን አይዝም ነበር። ጎማው አልተቀደደም፤ ታጥፎ ደርቋል እንጂ። ታጥቦ፣ በማድረቂያ ተስተካክሎ ወረቀቱን ያዘ። ነገር ግን ውስጥ የተጠራቀመው በረዶ አሁንም ቦታውን አልለቀቀም።

3.7. በረዶውን አሟሙ። በረዶው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ካለፈ ይህን ሳታደርጉ መለካት ዋጋ የለውም። ምግቡን ሌላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወይም በረዶ ባለበት ሣጥን ውስጥ አቆዩ። ንቀሉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ጨርቅ ከሥር አንጥፉ፣ በራሱ ይሟሟ። የፈላ ውኃ ሳይሆን ሙቅ ውኃ በሳህን አድርጋችሁ ውስጥ ብታስቀምጡ ይፈጥናል።

በረዶ የማይሠራ የሚባለው ባለ ፋን ፍሪጅ ከሆነ በረዶው ከፍሪዘሩ የኋላ ክዳን ጀርባ ስለሆነ አይታያችሁም። ሙሉ ቀን ነቅላችሁ በሩን ከፍታችሁ ተዉት። ከዚያ ለጥቂት ቀናት አሪፍ ሠርቶ እንደገና ከሞቀ፣ በረዶውን በራሱ ጊዜ የሚያሟሟው ክፍል አይሠራም ማለት ነው። ለባለሙያ ይህንኑ ንገሩት።

## ደረጃ 4፦ አሁን ቴርሞስታቱ

ቁልፉን ከመጨረሻው ቁጥር ወደ መካከለኛው መልሱና አንድ ቀን ጠብቁ። ፍሪጁ ሲሞቅ ሁሉም ሰው ቁልፉን ወደ መጨረሻው ያዞራል። በቀላሉ በረዶ በሚሠራ ፍሪጅ ላይ ይህ ነገሩን ያባብሰዋል። ኮምፕረሰሩ ስለማያርፍ በረዶው ትንሽ የሚሟሟበት ጊዜ አያገኝም፣ ይወፍራል፣ ብርዱም ይታፈናል። የጎረቤቴ ፍሪጅ ላይ የቀረው ይህ ብቻ ነበር። በረዶው ሟሙቶ ቁልፉ መሐል ላይ ሲሆን ብርጭቆው 4 ላይ ቆመ፣ ኮምፕረሰሩም እያረፈ መሥራት ጀመረ።

አሁንም የማያቆም ከሆነ እንዲህ ፈትሹ።

4.1. ኮምፕረሰሩ እየሠራ ቁልፉን ወደ ዜሮ አዙሩ። "ጠቅ" ብሎ ኮምፕረሰሩ ማቆም አለበት። ካላቆመ የቴርሞስታቱ መገናኛ ተጣብቋል፤ ይቀየር። 5 ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት፤ መነሳት አለበት።

4.2. ዜሮ ላይ የሚያቆም፣ ሌላ ቁጥር ላይ ግን ውስጡ በረዶ እስኪይዝ የማያቆም ከሆነ ከሶኬት ንቀሉና የቴርሞስታቱን ክዳን ፍቱ። ከሱ የሚወጣ ቀጭን የብረት ቱቦ ታያላችሁ። ሙቀቱን የሚለካው ጫፉ ነው። ጫፉ ከሚያርፍበት ሳህን ወይም ከመያዣው ወጥቶ ከተንጠለጠለ ትክክለኛውን ብርድ አያውቅም። ወደ ቦታው መልሱት። ቱቦውን በቀስታ እጠፉ፤ ከተሰበረ ወይም ከተቆለመመ ቴርሞስታቱ አበቃለት።

4.3. ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ቴስተር ካላችሁ የኮምፕረሰሩን መስመር የሚያገናኙትን ሁለት እግሮች ለኩ። ሽቦዎቹ የተነቀሉ መሆን አለባቸው። መካከለኛ ቁጥር ላይ፣ በክፍሉ ሙቀት፣ ቴስተሩ መገናኘት ያሳያል፤ ዜሮ ላይ መቋረጥ። ይህን ካላደረገ ቀይሩት። በቁልፍ ሳይሆን በዲጂታል ቁጥር የሚታዘዝ ፍሪጅ ግን እንዲህ ያለ ቴርሞስታት የለውም፤ ሴንሰርና ቦርድ ነው ያለው፣ ይህን ፈተና አትሞክሩበት።

## ሁሉም ጤነኛ ሆኖ አሁንም ካልቀዘቀዘ

የፍሪዘሩን ሳህን እዩ፤ ይህ የሚሠራው ሳህኑ በሚታይበት ፍሪጅ ላይ ነው። በረዶው በአንድ ጥግ ብቻ ተከምሮ ሌላው ሳህን ባዶ ከሆነ፣ ኮንደንሰሩም ለብ ያለ ከሆነ፣ ጋዝ ጎድሏል ብላችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ። ጋዝ በሥራ አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ።

ስለዚህ ባለሙያው መጥቶ "ጋዝ ልሙላ" ብቻ ካለ አስቁሙት። የሚያፈሰውን ቦታ አግኝቶ ይዝጋ፣ ማጣሪያውን ይቀይር፣ በቫክዩም ፓምፕ ቱቦውን ያጽዳ፣ ከዚያ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈውን የጋዝ አይነት በተጻፈው ግራም መዝኖ ይሙላ። R600a ያለው ፍሪጅ ከሆነ ሥራው መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት ይሁን። ስትደውሉለት የለካችሁትን ሁለት ቁጥር፣ የኮንደንሰሩን ሙቀትና የበረዶውን ቦታ ንገሩት፤ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ያውቃል።